ትክክለኛው ፋይል የትኛው ነው?

የመጽሔታችን አዘጋጆች "ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣሽ በኋላ ያጋጠመሽን አንድ ነገር ጻፊልን" ሲሉኝ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ዩኒቨርሲቲ ኑሮ በጠቅላላው ለመጻፍ ነበር። ሁለት ገጽ ያህል ከሄድኩ በኋላ ግን ማንም ሊጽፈው የሚችል ነገር ሆኖ ስላገኘሁት ተውኩት። በእሱ ፈንታ ስለ አንድ ኢሜይል ልንገራችሁ። ለአንድ መምህሬ "የጫንኩት ፋይል የተሳሳተ ነው፤ ትክክለኛው ይኸው" ብዬ የላክሁት ነው። ሲነበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ያህል ወስዶብኛል። ከሁለቱ ሰዓት አብዛኛው ያለቀው ቃላት በመምረጥ አልነበረም። "ትክክለኛው ፋይል" የምለው የትኛው እንደሆነ ራሴም ስላላወቅሁ ነበር።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሰዓቱን የምጽፈው ቤታችን እንደምንቆጥረው ነው። ስዋሂሊም እንደኛው ስለሚቆጥር ለናይሮቢ ልጅ አይከብድም። ኮምፒዩተሩ 21፡52 የሚለው ለእኛ ከምሽቱ 3፡52 ነው።

ሥራው የመጀመሪያ ዓመት የስታትስቲክስ ትምህርት ነበር። እያንዳንዳችን 40 ተማሪዎችን በወረቀት መጠይቅ ጠይቀን፣ ከቤታቸው እስከ ግቢ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባቸውና በምን እንደሚመጡ የሚገልጽ ሪፖርት ማቅረብ ነበረብን። የሚታረመው ከ20 ነው። ማስረከቢያው ሐሙስ ከምሽቱ 5፡59 ሲሆን፣ ለዘገየ ሥራ በእያንዳንዱ ቀን ከጠቅላላው 5 በመቶ፣ ማለትም አንድ ነጥብ እንደሚቀነስ በትምህርቱ መግለጫ ላይ ተጽፏል። የምናስረክበው `Moodle` በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ነው። የክፍያዬን ግማሽ የሚሸፍንልኝ የነጻ ትምህርት ዕድል በውጤቴ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ 20 ነጥብ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ሪፖርቱን ማክሰኞ ጨረስኩና `commute_report_final.docx` ብዬ አስቀመጥኩት። በእሱ መሠረት አንድ ተማሪ ወደ ግቢ ለመምጣት በአማካይ 62.1 ደቂቃ ይፈጅበታል። መደምደሚያዬም "ተማሪው ለመምጣት ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ያጠፋል" የሚል ነበር። በአረፍተ ነገሩ በጣም ተደስቼበት ነበር።

ረቡዕ የወረቀት መጠይቆቹን አንድ በአንድ ከኮምፒዩተሩ ሰንጠረዥ ጋር ሳመሳክር ግን አንድ ነገር አየሁ። በወረቀቱ ላይ 45 ደቂቃ ብሎ የመለሰውን አንድ ልጅ እኔ 450 ብዬ መዝግቤዋለሁ። 450 ደቂቃ ሰባት ሰዓት ተኩል ነው፤ በዚያ ጊዜ ሰው ሞምባሳ ደርሶ ምሳውን ይበላል። ቁጥሩን ሳስተካክል የ40ዎቹ ድምር ከ2485 ወደ 2080 ወረደ፤ አማካዩም 52 ደቂቃ ሆነ። በአንድ ሰው መልስ ላይ የተጨመረች አንዲት ዜሮ የአርባ ሰው አማካይ በአሥር ደቂቃ አሳደገችው ማለት ነው። ደስ ያለኝ መደምደሚያም ተገለበጠ፤ ተማሪው በአማካይ ከአንድ ሰዓት በታች ነው የሚፈጅበት። ገጽ 4ን እና መደምደሚያውን እንደገና ጻፍኩና በአዲስ ስም `commute_report_final2.docx` ብዬ አስቀመጥኩት። "የመጨረሻ" ካልኩት በኋላ "የመጨረሻ ሁለት" ማለቴ ያኔ አላሳቀኝም።

ሐሙስ ማታ ቋንቋውን አቃንቼ 3፡41 ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አስቀመጥኩት። 3፡52 ላይ ደግሞ በኢሜይል ለታላቅ እህቴ ላክሁላት። እሷ ሳይበር ውስጥ ስለምትሠራ፣ ሰኞ ክፍል ይዤው የምገባውን የወረቀት ቅጂ እንድታትምልኝ ነበር። ፋይሉን `Moodle` ላይ ለመጫን "እራት በልቼ እመለሳለሁ" አልኩ። 4፡30 ገደማ መብራት ጠፋ። ኢንተርኔቱም አብሮ ጠፋ። የላፕቶፔ ባትሪ ከድሮም ያለ ሶኬት አይቆይምና ብዙም ሳይቆይ ዘጋ።

ስልኬ ግን ነበረኝ፤ ዳታም ነበረኝ። ለእህቴ ከላክሁት ኢሜይል ላይ ፋይሉን ወደ ስልኬ አወረድኩት፤ `Moodle` ገብቼም "ፋይል ምረጥ" የሚለውን ነካሁ። ስልኩ ያወረድኳቸውን ፋይሎች ደርድሮ አሳየኝ። ከላይ ያለውን መርጬ ጫንኩት፤ "ለእርማት ቀርቧል" የሚል አረንጓዴ መልእክት መጣልኝ፤ ጸሎቴን አድርሼ ተኛሁ። ሰዓቱ 5፡20 ነበር።

ችግሩ ይሄ ነው። ማክሰኞ የጨረስኩትንም ፋይል መንገድ ላይ ላነበው ብዬ ያኔውኑ ወደ ስልኬ አውርጄው ነበር። የስልኩ መስኮት ጠባብ ስለሆነ ረጅም ስም ሲያገኝ መጨረሻውን ይቆርጣል። ሁለቱም ፋይሎች `commute_report_fi…` ተብለው ነበር የሚታዩት። እነሱን የምትለያቸው አንዲት `2` ስትሆን፣ እሷ ደግሞ የተቆረጠው ክፍል ውስጥ ናት። አዲሱ ከላይ ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ስልኩ ግን የደረደራቸው በቀን ሳይሆን በስም ነበር። በስም ሲደረደር ደግሞ `2` የሌለበት ይቀድማል።

ይህን ያወቅሁት ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንዲት የክፍል ጓደኛዬ "አማካይሽ ስንት መጣ?" ብላ ጻፈችልኝ። 52 ብዬ ልመልስላት ስል፣ እስቲ የገባውን ልየው ብዬ `Moodle` ላይ ያለውን ፋይል ከፈትኩት። ገጽ 4 ላይ 62.1 ይላል። ስልኩን አስቀምጬ እንደገና አነሳሁት። አሁንም 62.1 ነው።

ፋይሉን በራሴ መቀየር አልቻልኩም። የዚህ ትምህርት ገጽ አንድ ጊዜ "አስረክቤያለሁ" ከተባለ በኋላ ለተማሪው ይዘጋል፤ ሊከፍተው የሚችለው መምህሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ያሉኝ መንገዶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ዝም ማለት ነው። የማክሰኞው ሪፖርት በደንብ የተጻፈ ነው፤ መምህሩ የወረቀት መጠይቆቼን ስላላዩ 450ዋን ላያገኟት ይችላሉ። ያም ሆኖ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ በስሜ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ለመምህሩ መጻፍ ነው።

ጓደኛዬ ሦስተኛ መንገድ ጠቆመችኝ። "ሲስተሙ ፋይሉን አበላሸው በያቸው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።" ነገር ግን የተጫነው ፋይል አልተበላሸም። ሲከፈት በሥርዓት ይከፈታል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይነበባል። መምህሩ አንዴ ቢጫኑት ውሸቴ እዚያው ያልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ የምናገረውን እውነት ማን ያምነኛል?

ልጽፍላቸው ወሰንኩና ላፕቶፑን አስነሳሁ፤ መብራት መጥቶ ነበር። የማያይዘውን ፋይል `commute_report_final2.docx` ከፍቼ ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። እዚያ ላይ ሌላ ስህተት አገኘሁ። ሰንጠረዥ 2 ተማሪዎቹ በምን እንደሚመጡ ያሳያል፤ 26ቱ በማታቱ፣ 9ኙ በእግር፣ 5ቱ በቤተሰብ መኪና። ይህ በመቶኛ 65፣ 22.5 እና 12.5 ነው። እኔ ግን የእግረኞቹን 22.5 ገልብጬ 25.2 ብዬዋለሁ። ሲደመር 102.7 ይመጣል። ማንም ቢደምረው ያየዋል።

እጄ ምንም ሳይጠይቀኝ 22.5 ብሎ አስተካከለና `Ctrl+S` ተጫነ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1፡20 ነበር። ከዚያም ኢሜይሉን መጻፍ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ረቂቄ ሙሉ ገጽ ነበር። ሰላምታ፣ የጤና ጥያቄ፣ የመብራቱ መጥፋት፣ የባትሪው ማርጀት፣ የነጻ ትምህርት ዕድሌ ጉዳይ፣ አራት ጊዜ ይቅርታ። ፋይል ተሳስቻለሁ የሚለው ራሱ የመጣው በሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነበር። መጨረሻው ደግሞ "ትናንት ማታ ያለቀውን ትክክለኛ ፋይል አያይዣለሁ" ይላል።

አባቴ ሻይ ይዞ መጣና ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ነገርኩት። አባቴ ኢስሊ ውስጥ ባለ አንድ መደብር ሒሳብ ያዥ ነው፤ ስለ ኮምፒዩተር ብዙም አይገደውም። ረቂቁን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

"ይኼ አሁን የምትልኪው ትናንት ማታ እንዳለ ነው?"

"አዎ... አንዲት ቁጥር ብቻ አስተካክያለሁ።"

"መቼ?"

"አሁን።"

"እንግዲያስ ትናንት ማታ ያለቀ አይደለማ፣ ልጄ።"

ከዚያ እኛ ቤት ስንት ጊዜ የሰማሁትን የሙያውን ደንብ ደገመልኝ። በመዝገብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር አይፋቅም፤ ነጭ ቀለምም አይቀባበትም። በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የተሰረዘው እንደሚነበብ ሆኖ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፋል፤ ያረመውም ሰው ይፈርምበታል። "የፋቀ ሰው ያንን ቁጥር ብቻ አይደለም የሚያስጠረጥረው፤ መዝገቡን በሙሉ ነው" አለና ሻዩን አስቀምጦ ሄደ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እኔ ለመምህሩ ልነግራቸው የነበረው "ሐሙስ ማታ ሥራዬን ጨርሻለሁ፤ ያሳሳትኩት ፋይል በመምረጥ ብቻ ነው" ብዬ ነው። ይህ አቤቱታ የሚቆመው የምልከው ፋይል ሐሙስ ማታ የነበረው ከሆነ ብቻ ነው። ዓርብ ጠዋት አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብጨምርበት እንኳ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ያላገኙትን ተጨማሪ ሌሊት ወስጃለሁ ማለት ነው። ትክክለኛው ፋይል ማለት የተሻለው ፋይል ማለት አልነበረም። ሰዓቱ ሲያልፍ በእጄ የነበረው ነው፤ ከነስህተቱ።

በላፕቶፔ ላይ ግን ያ ፋይል አሁን የለም። `Ctrl+S` ስጫን አዲሱ በአሮጌው ላይ ተጽፎበታል። ፋይሉን ከፍቼ 25.2 ብዬ መልሼ ብጽፈው ቁጥሩ ይመለሳል፤ ፋይሉ ግን አይመለስም። የ`Word` ሰነድ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጠበትን ሰዓት በውስጡ ይዞ ነው የሚዞረው። `File` ከዚያም `Info` የሚለውን የከፈተ ሁሉ ያየዋል። የእኔው ዓርብ ጠዋት የሚል ይሆናል። እሱን ለመደበቅ ደግሞ የኮምፒዩተሩን ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ያንን ሳስበው ጓደኛዬ ከጠቆመችኝ ውሸት ምንም እንደማይሻል ገባኝ።

ያዳነኝ ለእህቴ የላክሁት ኢሜይል ነው። በኢሜይል የተላከ አባሪ ከተላከ በኋላ አይለወጥም፤ እኔ በላፕቶፔ ላይ የፈለግሁትን ባደርግ እዚያ ያለው ቅጂ እንደ ነበረ ይቆያል። `Sent` የሚለውን ከፍቼ ሐሙስ 3፡52 የተላከውን አገኘሁትና ፋይሉን በሌላ ማኅደር አወረድኩት። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። የወረደው ፋይል በማኅደሩ ዝርዝር ላይ ቀኑ "ዛሬ" ነው የሚለው፤ ያ የወረደበት ሰዓት ነው። ውስጡን ከፍቶ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተቀመጠ ለሚያይ ግን ሐሙስ 21፡41 ይላል። እኔም ሳነበው በስህተት ዳግመኛ እንዳላስቀምጠው ፈርቼ፣ ገጽ 4 ላይ 52ን፣ ሰንጠረዥ 2 ላይ 25.2ን አይቼ ወዲያው ዘጋሁት።

ከሁለቱ ማስረጃዎች የበለጠ የሚታመነው የኢሜይሉ ነው። በሰነዱ ውስጥ ያለው ሰዓት ከእኔው ኮምፒዩተር የመጣ ስለሆነ የእኔ ኮምፒዩተር ከዋሸ እሱም ይዋሻል። ኢሜይሉ ግን ወጥቶ በሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ የደረሰበት ሰዓት አለ። እሱን እኔ መቀየር አልችልም።

ከዚያ በኋላ መልእክቱን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። አጻጻፉን የተማርኩት እዚሁ ትምህርት ቤታችን አማርኛ ክፍል ውስጥ ነው። የሥራ ደብዳቤ ስንለማመድ መምህራችን "ጉዳዩ" የሚለውን መስመር ሳንሞላ ሌላውን እንድንጽፍ አይፈቅዱልንም ነበር። "ጉዳዩን በአንድ መስመር ማለት ካልቻላችሁ ጉዳዩን ገና አላወቃችሁትም" ይሉን ነበር። የላክሁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል፦

"ጉዳዩ፦ በስታትስቲክስ ሪፖርት ፈንታ የተሳሳተ ቅጂ ስለመጫኔ

ለተከበሩ ዶክተር፣

የመጀመሪያ ዓመት የስታትስቲክስ ተማሪዎ ነኝ፤ ስሜና የመታወቂያ ቁጥሬ ከታች አለ። ትናንት ሐሙስ ከምሽቱ 5፡20 ላይ የጫንኩት ሪፖርት የተሳሳተ ቅጂ ነው። ማክሰኞ የጨረስኩትና በኋላ ያረምኩት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ፋይሉን ስመርጥ ስሙን እስከ መጨረሻ አላየሁትም።

ላስረክብ የነበረውን ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ሁለቱን በቀላሉ የሚለያቸው ገጽ 4 ነው፤ በተሳሳተው አማካዩ 62.1 ደቂቃ ሲሆን በተያያዘው 52.0 ነው። ልዩነቱ የመጣው አንድ የ45 ደቂቃ መልስ 450 ተብሎ በመመዝገቡ ነው።

የተያያዘው ፋይል ሐሙስ ከምሽቱ 3፡52 ላይ ለማሳተም በኢሜይል የላክሁት ነው፤ ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ኢሜይሉን ማየት ከፈለጉ ሰኞ ላሳይዎት እችላለሁ። ሰንጠረዥ 2 ላይ 25.2 የሚለው 22.5 መሆን እንደነበረበት ዛሬ ጠዋት አይቻለሁ፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ያየሁት ስለሆነ ሳላርመው ትቼዋለሁ።

በተያያዘው ቅጂ እንዲያርሙልኝ እጠይቃለሁ። የዘገየ ሥራ ደንብ በእኔም ላይ እንደሚሠራ አውቃለሁ።"

መብራቱን አላነሳሁም። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ምናልባት ከላፕቶፑ እጭን ነበር፤ ግን የተሳሳተውን ፋይል የመረጠው መብራት ኃይል ሳይሆን የእኔ ጣት ነው። ይቅርታን በረድፍ አልደረደርኩም። የነጻ ትምህርት ዕድሌን አላነሳሁም፤ እሱ ሐሙስ ማታ ስለተፈጠረው ነገር የሚነግራቸው ምንም የለም። ከመላኬ በፊት ከኢሜይሉ ላይ አባሪውን ራሱን ከፍቼ ገጽ 4ን አየሁት። በአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ፋይል መላክ የሚያሳፍር ነገር ነውና። 3፡15 ላይ ላክሁት።

መልሱ ከሰዓት ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። አጭር ነበር። ማረም ገና አልጀመሩም፤ ማስረከቢያዬን ወደ ረቂቅ መልሰው ከፍተውልኛል፤ ለእሳቸው የላክሁትን ያንኑ ፋይል፣ ሌላ ሳይሆን ያንኑ፣ እንድጭን። ገጹ "ዘግይቷል" ብሎ ይመዘግበዋል፤ የአንድ ቀን ቅነሳም ይኖራል። ሰንጠረዥ 2ን እንዳለ ተይው ይላል።

ሰኞ ከክፍል በኋላ ጠሩኝ። ኢሜይሉን አሳየኋቸው፤ ሰዓቱን ለአፍታ አዩና ስልኬን መለሱልኝ። በየሴሚስተሩ "የተሳሳተ ፋይል ጫንኩ" የሚል መልእክት እንደሚደርሳቸው ነገሩኝ። አብዛኛው እውነት እንደሆነም ያምናሉ። "ግን ትክክለኛው ነው ብለው የሚልኩልኝ ፋይል ሁልጊዜ በጣም ንጹህ ነው" አሉኝ። "አንድም ስህተት የለበትም። ሐሙስ ሌሊት የተጨረሰ ሥራ እንደዚያ አይነጻም።" የእኔን ያመኑት በ25.2 ምክንያት መሆኑን የተረዳሁት ከቢሮአቸው ከወጣሁ በኋላ ነው።

ውጤቴ ከ20 ላይ 17 ነበር፤ ለመዘግየት አንድ ተቀንሶ 16 ሆነ። ከቀሩት ሦስት ነጥቦች ግማሿ የሄደችው በ25.2 ነው። ዓርብ ጠዋት ያረምኩትን ብልክ ኖሮ ያቺን ግማሽ ነጥብ አገኝ ነበር። እህቴ ያተመችልኝ ወረቀት ተመልሶ ሲመጣ፣ መምህሩ 25.2ን በአንድ ቀጭን የቀይ መስመር ሰርዘው ከጎኑ 22.5 ጽፈዋል፤ ስማቸውንም በምህጻረ ቃል ፈርመውበታል። ለአባቴ አሳየሁት። "ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው" አለ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮች ቀይሬያለሁ። አንደኛ፣ የፋይሎቼን ስም የምጀምረው በቁጥር ነው፤ `01_commute`፣ `02_commute` እያልኩ። ስልክ የሚቆርጠው መጨረሻውን ስለሆነ የሚለየው ነገር መጀመሪያ ላይ መሆን አለበት። "የመጨረሻ" የሚል ቃል በስም ውስጥ አልጨምርም፤ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ ፋይል ከጫንኩ በኋላ አረንጓዴውን መልእክት አይቼ አልተኛም። መልእክቱ የሚነግረኝ አንድ ፋይል መግባቱን እንጂ የትኛው መግባቱን አይደለም። ስለዚህ የገባውን ራሱን ከገጹ ላይ መልሼ አወርድና፣ ካለፈው ቅጂ የሚለይበትን አንድ ቦታ ፈልጌ አያለሁ። ያን ሐሙስ ማታ ይህን ባደርግ ኖሮ፣ 5፡20 ላይ 62.1ን አይቼ እስከ 5፡59 ድረስ ሰላሳ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀረኝ ነበር። መምህሩን በኢሜይል አግኝቼ ባያስከፍቱልኝ እንኳ፣ ቢያንስ ትክክለኛውን ፋይል ሰዓቱ ሳያልፍ አደርስላቸው ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ የላክሁት `03` የሚል ቁጥር ሰጥቼው ነው። ከላክሁት በኋላ አባሪውን መልሼ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ያም ሆኖ እናንተ የምታነቡት ሞምባሳ ምሳ የሚበላው ሰውዬ የሌለበት ከሆነ፣ የተሳሳተው ቅጂ ነው የደረሳችሁ፤ እባካችሁ ንገሩኝ።